አዲስ ቴሌቪዥን ሲከፈት፦ ቋንቋ፣ አገርና ጣቢያ

ጥያቄ፦ «ከእናንተ ሱቅ 43 ኢንች ስማርት ቴሌቪዥን ገዝቼ እዚሁ አዳማ ቤቴ ወስጄ ከፈትኩት። ልጄ ቋንቋ ሲመርጥ ዓረብኛውን ነካና ሁሉም ነገር ዓረብኛ ሆነ። አገር ሲጠይቀን የመጣውን ዝም ብለን አለፍነው። ሰዓቱንና ቀኑን እኔው አስተካከልኩ። የዲሹን ገመድ በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቼ ጣቢያ ፈልግ ስለው ዜሮ ይላል። ዋይፋይ ተገናኝቷል፤ ዩቲዩብ ግን አይከፍትም። ለኢትዮጵያ የተሠራ አይደለም ማለት ነው? ላምጣውና ቀይሩልኝ?»

ምላሽ፦

ገና አያምጡት። ከጻፉልን ውስጥ ቴሌቪዥኑ መበላሸቱን የሚያሳይ አንድም ምልክት የለም። ያለብዎት አንድ ችግር ሳይሆን የተለያዩ አራት ናቸው፤ የቋንቋ፣ የአገር፣ የቀንና የጣቢያ፤ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው አብሮ አይስተካከልም። ብዙ ደንበኞች ቋንቋ፣ አገርና ጣቢያ የተሳሰሩ ስለሚመስላቸው ዓረብኛው ሲነሳ ጣቢያው ይመጣል ብለው ይጠብቃሉ። ቋንቋው የሚለውጠው በስክሪኑ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ ብቻ ነው። አገሩ የሚወስነው ቴሌቪዥኑ የትኛውን የስርጭት ደንብና የትኛውን የሰዓት ክልል እንደሚከተል ነው። ጣቢያው ደግሞ የሚመጣው ከጣሪያዎ ላይ ነው፤ ዲሹ የሚያየው ሳተላይት ምን እንደሆነ ለቴሌቪዥኑ በትክክል ካልነገሩት በየትኛውም ቋንቋ ዜሮ ይላል።

«ለኢትዮጵያ የተሠራ ነው ወይ» ለሚለው መልሱን ከስክሪኑ ሳይሆን ከጀርባው ያገኙታል። ከኋላ የተለጠፈውን ወረቀት ወይም ካርቶኑን ይመልከቱ። DVB-T2 እና DVB-S2 የሚሉ ጽሑፎች ካሉ የመጀመሪያው የምድር አንቴና፣ ሁለተኛው የሳተላይት መቀበያ ውስጡ አለ ማለት ነው። ከጽሑፉ በተጨማሪ ጥርስ ያለው፣ በጠመዝማዛ የሚታሰር የገመድ መግቢያ ይፈልጉ፤ አጠገቡ SAT ወይም LNB IN ይላል፣ አንዳንዴም 13V/18V ተጽፎበታል። የምድር አንቴናው መግቢያ በእኛ ገበያ በሚሸጡት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳና ተገፍቶ የሚገባ ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቴሌቪዥን ATSC የሚባል ሌላ መቀበያ ስለሚይዝ በሴቲንግ አይስተካከልም፤ አንዳንዱም የሚሠራው በ120 ቮልት ብቻ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከሰኩት ይቃጠላል። ከውጭ በዘመድ የሚመጡትን ለሚገዙ ሰዎች የምለው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ቮልቱን አንብቡ። የእርስዎ ከእኛ መደርደሪያ የወጣ ስለሆነ በዚህ በኩል አይስጉ፤ ሆኖም ጽሑፉን በዓይንዎ ቢያዩት ጥርጣሬዎ ይቆማል።

ከዓረብኛው እንጀምር። የማያነቡት ቋንቋ ላይ ሲገቡ በቃላት ሳይሆን በምልክት ይጓዙ። በሪሞቱ ዋናውን ገጽ ይክፈቱና የጥርስ መዘውር የምትመስለውን የሴቲንግ ምልክት ይፈልጉ። በዓረብኛ ገጹ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚገለበጥ ሌላ ጊዜ በስተቀኝ የምትገኘው ምልክት አሁን በስተግራ ትሆናለች፤ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። በጉግል ሥርዓት በሚሠሩት ቴሌቪዥኖች ውስጥ ስለ ራሱ ስለ መሣሪያው የሚያወራው ክፍል System ወይም Device Preferences ይባላል፤ ቋንቋው እዚያ ውስጥ ነው፣ አጠገቡም ብዙውን ጊዜ የሉል ምስል አለ። ዝርዝሩ ሲከፈት እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስለሚጻፍ English የሚለውን ለማግኘት ዓረብኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ካለም አማርኛ «አማርኛ» ተብሎ በፊደላችን ተጽፎ ያገኙታል።

አማርኛ ቢኖርም ለጊዜው እንግሊዝኛ ይምረጡ። የአማርኛው ትርጉም በብዙ ሞዴሎች ላይ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ላይኛው ገጽ በአማርኛ ሆኖ ጣቢያ የሚፈለግበት ውስጠኛው ክፍል በእንግሊዝኛ ይቀራል፤ የተተረጎመውም ቢሆን ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር አይገጥምም። ስልክ ደውለው «አሁን የትኛውን ልጫን?» ሲሉን እኛም የምናስታውሰው የእንግሊዝኛውን ስም ነው። ጣቢያው ገብቶ ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ አማርኛ ቢቀይሩት ያስገቡት ምንም ነገር አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ይለዩ፦ የምናሌው ቋንቋ ሌላ ነው፣ የፕሮግራሙ ድምፅ ቋንቋ ሌላ ነው። Audio Language የሚለው ጣቢያው በሁለት ድምፅ ሲያስተላልፍ የትኛው ይቅደም የሚል ጥያቄ ነው። ጣቢያው በአንድ ድምፅ ብቻ ካስተላለፈ እዚያ የመረጡት ምንም አይለውጥም።

መጀመሪያ ሲከፈት Home ወይስ Store ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ Home ይበሉ። Store ለሱቅ መስኮት የተዘጋጀ ነው፤ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ያወጣል፣ ማስታወቂያ በስክሪኑ ላይ ይደረድራል፣ ያስተካከሉትንም ቀለም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። «ሁልጊዜ ይህ ጽሑፍ ከላዩ አይጠፋም» ብለው ከሚመጡልን ቴሌቪዥኖች አብዛኞቹ እዚህ ላይ የተሳሳቱ ናቸው።

አሁን አገሩን እንይ። ዝም ብላችሁ ያለፋችሁት ገጽ ቀላል ይመስላል እንጂ ከኋላው ብዙ ነገር ይጎትታል። የምድር ስርጭት ድግግሞሾች ከአገር አገር በተለያየ ስፋት ይከፈላሉ፤ በእኛና በአብዛኛው የአፍሪካና የአውሮፓ ክፍል በዩ ኤች ኤፍ አንዱ መስመር 8 ሜጋ ኸርትዝ ሲሆን በአሜሪካ 6 ነው። ቴሌቪዥኑ በተሳሳተ አገር ላይ ሆኖ በአንቴና ሲፈልግ እርምጃው ስለሚዛባ ስርጭት እያለ አልፎት ይሄዳል። በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ የሳተላይት ስርጭት በማይለመድበት አገር ላይ ካስቀመጡት Satellite የሚለው ምርጫ ራሱ ከዝርዝሩ ይሰወራል። የእርስዎ ዜሮ ከዚህ የመጣ መሆኑን ለማወቅ የጣቢያ ፍለጋውን ገጽ ይክፈቱ። Antenna እና Cable ብቻ ካሉ፣ Satellite ከሌለ፣ ከጀርባው ግን የጠመዝማዛው መግቢያ ካለ፣ ጥፋቱ የአገር ምርጫው ነው።

ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ካለ እሱን ይምረጡ፤ ከሌለ ኬንያን ይምረጡ። ኬንያን የምመርጠው ጎረቤት ስለሆነች አይደለም። የሰዓት ክልሏ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የዲጂታል ስርጭቷም እንደ እኛው DVB-T2 ነው። ኬንያም ከሌለች Other የሚለው ይሻላል። ጀርመንን ወይም ፈረንሳይን የሚመርጡ ቴክኒሻኖች አሉ፤ ሳተላይቱ ይሠራላቸዋል፣ ሰዓቱ ግን በበጋና በክረምት ወዲያና ወዲህ ሲል ደንበኛው ይቸገራል። አገሩን ለመቀየር ቴሌቪዥኑ የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀዎት ከፋብሪካ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ 0000 ወይም 1234 ነው። የአገር ምርጫው ከአፕሊኬሽን መደብሩ አገር ጋርም አይምታታብዎት። የፕሌይ ስቶሩ አገር የተያያዘው ከጉግል አካውንትዎ ጋር ሲሆን መቀየር የሚቻለውም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አፕሊኬሽን አልወርድ ስላለ የቴሌቪዥኑን አገር እየለዋወጡ አይድከሙ።

ከጻፉት ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «ሰዓቱንና ቀኑን እኔው አስተካከልኩ» በሚለው ላይ ነው። ዩቲዩብ የማይከፍተው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ቀኑን በእጁ የሚያስገባ የአገራችን ሰው የሚያስገባው የሚያውቀውን ዓመተ ምሕረት ነው። ቴሌቪዥኑ ግን የሚያውቀው የአውሮፓውያኑን ብቻ ነው። 2018 ብለው ካስገቡ በእርሱ አቆጣጠር ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ተመልሷል ማለት ነው። ዩቲዩብን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ሲከፈቱ ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ የድረ ገጹን የደኅንነት ማረጋገጫ ይመረምራል፤ ማረጋገጫው የሚጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን ተጽፎበታል። ቴሌቪዥኑ የሚያየው ማረጋገጫ በእርሱ ቀን መሠረት ገና ያልተሰጠ ስለሆነ አልቀበልም ይላል። ዋይፋዩ ግን ቀን አይጠይቅምና ተገናኝቷል እንዳለ ይቀጥላል። ተገናኝቷል እያለ ምንም የማይከፍት ቴሌቪዥን ሲያጋጥምዎ ከራውተሩ በፊት ቀኑን ይመልከቱ።

መድኃኒቱ አጭር ነው። Date & time የሚለውን ይክፈቱና በእጅ ማስገባቱን አጥፍተው Automatic ወይም Use network-provided time የሚለውን ያብሩ። የሰዓት ክልሉን Nairobi ወይም Addis Ababa ያድርጉት፤ ሁለቱም ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት የሚቀድሙ ናቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ነቅለው ጥቂት ቆይተው ይመልሱት። ዩቲዩብ ከተከፈተ ጉዳዩ አለቀ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስክሪኑ 9:00 ማለቱ ይረብሸኛል የሚል ሰው ሰዓቱን በእጁ ወደ ኋላ አይጎትት። ዝም ብሎ ቢተወው ይሻላል። የግድ ነው ካለ ግን ሰዓቱ በራስ ሰር እንደሆነ ይቆይና የሰዓት ክልሉን ብቻ ወደ Buenos Aires ይቀይረው፤ ከእኛ በትክክል በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲነበብ የእኛኑ ሰዓት ያሳያል፤ ቀኑም የሚለወጠው እንደ እኛው በንጋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። የውስጡ ዓለም አቀፍ ሰዓት ስለማይነካ ዩቲዩብ አይቆምም። እኔ ለቤቴ አላደርገውም፤ ምክንያቱም አንዳንድ ሞዴሎች የሰዓት ክልሉን ከአገር ምርጫው ጋር ስለሚያስሩት አንዱን ሲነኩ ሌላው ይከተላል።

ወደ ጣቢያው እንምጣ፤ ረጅሙ ሥራ ያለው እዚህ ነው። ገመዱን በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደሰኩ ስለጻፉ የሚፈለገው በቴሌቪዥኑ ውስጥ ባለው የሳተላይት መቀበያ ነው። ሪሲቨር ያለው ሰው ግን ይህን ሁሉ መንካት የለበትም። ገመዱ ወደ ሪሲቨሩ፣ ከሪሲቨሩ በኤች ዲ ኤም አይ ወደ ቴሌቪዥኑ ከሄደ፣ ቴሌቪዥኑ ጣቢያ ቢፈልግ ዕድሜ ልኩን ዜሮ ይላል፤ የሚያስፈልገው Source ወይም Input ተጭኖ HDMI 1 ወይም 2ን መምረጥ ብቻ ነው።

ገመዱን ከመንካትዎ በፊት ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይንቀሉ። ቴሌቪዥኑ በዚህ ገመድ በኩል ከዲሹ ፊት በክንዱ ጫፍ ላይ ለታሰረው ምልክት ሰብሳቢ፣ ለኤል ኤን ቢው፣ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ 13 ወይም 18 ቮልት ነው፣ ሰው አይጎዳም፣ ነገር ግን ጫፉ ላይ አንድ ነገር ቢነካካ መቀበያውን ሊያቃጥለው ይችላል። የገመዱን ጫፍ ፈትተው በብርሃን ይመልከቱት። መሐል ላይ አንድ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አለ፤ በዙሪያው ደግሞ ፀጉር የመሰለ የተጠለፈ ቀጭን ሽቦ። ከዚያ ፀጉር አንዲት ዘለላ እንኳን መሐለኛውን ሽቦ ከነካች አጭር ዙር ይፈጠራል፤ ብዙ ቴሌቪዥኖችም በስክሪኑ ላይ ስለ LNB የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ያወጣሉ። ፀጉሩን ሁሉ ወደ ኋላ አጥፈው መሐለኛው ሽቦ ከማሰሪያው አፍ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲወጣ አድርገው ይሰሩት። አጥሮ ከቀረም አይነካም፤ ረዝሞ ከጠመመም አይገባም።

ቀጥሎ ዲሽዎ የትኛውን ሳተላይት እንደሚያይ ይወቁ። በ2013 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገራችን ጣቢያዎች የሚገኙት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ባለው NSS 12 ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ቤት ናይልሳትን፣ ማለትም የምዕራብ 7 ዲግሪውን ነበር የሚያየው፤ አሁንም በዚያው የቀሩ ዲሾች ሞልተዋል። ከደጅ ቆመው መለየት ይችላሉ። ከአዳማ ሲታይ የኢትዮሳት አቅጣጫ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣበት ነው፤ ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ከፍታው ደግሞ ከአድማስ 67 ዲግሪ ያህል ስለሆነ ሞላላው ዲሽ በግልጽ ወደ ኋላ ተንጋልሎ ሰማይ ያያል። የናይልሳቱ ግን ወደ ምዕራብ ዞሮ 36 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ እንዲያውም ሞላላ ዲሽ ምልክቱን ከፊቱ ከፍ ካለ አቅጣጫ ስለሚቀበል ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላል። ዲሽዎ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ ቀጥ ብሎ ከቆመ በቴሌቪዥኑ ላይ የፈለጉትን ቢያደርጉ የኢትዮጵያ ጣቢያ አያገኙም። ማዞሩን ለባለሙያ ይተዉት፤ ዲሹን ብቻ ሳይሆን ኤል ኤን ቢውንም በማቀፊያው ውስጥ መጠምዘዝ ስለሚያስፈልግ ጣሪያ ላይ በግምት የሚሠራ አይደለም።

ዲሹ በትክክለኛው አቅጣጫ ከሆነ ወደ ቴሌቪዥኑ ይመለሱ። ከፍለጋው ገጽ Satellite የሚለውን ይምረጡ። ብዙ ቴሌቪዥን ከፋብሪካ ሲመጣ Antenna ላይ ተቀምጦ ስለሚመጣ ሰው OK እየተጫነ ሲያልፍ የሚፈለገው በባዶ አንቴና መግቢያ ላይ ነው፤ የእርስዎ ዜሮም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ከሳተላይቶቹ ዝርዝር 57 ዲግሪ ምሥራቅ የሚል ካለ እሱን፣ ከሌለ ስም የሌለውን ወይም User የሚለውን ይያዙ። LNB Frequency የሚለው ላይ 9750/10600 መሆን አለበት፤ Universal የሚባለውም ይኸው ነው። DiSEqC የሚለውን፣ ጣሪያ ላይ ሁለት ኤል ኤን ቢ በመቀያየሪያ የተገናኘ ከሌለዎት፣ Off ወይም None ያድርጉት። ሁለት ካለዎት ኢትዮሳቱ A ወይም B ላይ ይሆናል፤ ሁለቱንም መሞከር ነው። ከዚያ ትራንስፖንደር የሚለው ላይ ለሙከራ 11605፣ ፖላራይዜሽኑን H፣ ሲምቦል ሬቱን 45000 ያስገቡ። የሥርጭት ድግግሞሽ በየጊዜው ሊቀየር ስለሚችል ይህ ካልሰጠ 11105፣ H፣ 45000 ይሞክሩ። ሪሲቨር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንዳንድ የድሮ ሪሲቨሮች 45000 የሚያህል ፍጥነት መሸከም ስለማይችሉ ዲሹ ትክክል ሆኖም ባዶ ይቀራሉ።

የ9750ው ቁጥር ለምን እንዲህ እንደሚያስፈልግ ላሳይዎት፤ ሰው ይህን መስመር ሳያይ ያልፈዋል። ከሳተላይቱ የሚመጣው 11605 ሜጋ ኸርትዝ በገመድ ውስጥ ለመጓዝ በጣም ከፍተኛ ስለሆነ ኤል ኤን ቢው 9750 ቀንሶለት 1855 አድርጎ ያወርደዋል። ቴሌቪዥኑ ይህንኑ ሒሳብ ሠርቶ 1855 ላይ ይጠብቀዋል። አንድ ሰው በዚያ መስመር 10600 ብቻ ብሎ ካስቀመጠ ቴሌቪዥኑ 11605 ላይ 10600 ቀንሶ 1005 ላይ ሄዶ ይቆማል፤ ዲሹ ጤነኛ፣ ገመዱ ጤነኛ፣ ጣቢያው ግን ዜሮ። ስለዚህ ጣሪያ ላይ ሰው ከማውጣትዎ በፊት ይህን ቁጥር ያንብቡ።

ቁጥሮቹ ሲገቡ ከታች ሁለት መስመሮች ይታያሉ፤ Strength እና Quality። ሰው የሚደሰተው በመጀመሪያው ነው፤ መታመን ያለበት ግን ሁለተኛው ነው። Strength ኤል ኤን ቢው ኤሌክትሪክ አግኝቶ በገመዱ አንድ ነገር እየላከ መሆኑን ብቻ ይናገራል፤ ዲሹ ወደ ግድግዳ ቢዞር እንኳን ሊሞላ ይችላል። Quality ግን የሚነሳው ቴሌቪዥኑ የጠየቁትን ስርጭት በትክክል ሲያነብ ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ችግሩ ገመዱ፣ ማሰሪያው ወይም ኤል ኤን ቢው ነው። Strength ከፍ ብሎ Quality ዜሮ ከሆነ አቅጣጫው ወይም የገቡት ቁጥሮች ትክክል አይደሉም። Quality እየወጣ እየወረደ ከሆነ ዲሹ ላላ ብሏል ማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ይህ የተለመደ ነው። አዳማ ዳር ያሉት የነፋስ ተርባይኖች እዚያ የቆሙት ነፋሱ ስለበዛ ነው፤ ያው ነፋስ የእርስዎንም ዲሽ ሌት ተቀን ይገፋዋል። የዲሹን አቅጣጫ ያሠራ ሰው ብሎኖቹ በደንብ መጥበቃቸውንና ምሰሶው አለመነቃነቁን በእጁ ገፍቶ ሳያይ ክፍያ አይፈጽም።

Quality ከተነሳ በኋላ ብቻ ፍለጋውን ይጀምሩ። Network Search የሚለውን ያብሩት፤ ከአንዱ ድግግሞሽ ተነስቶ ሌሎቹን እንዲያገኝ ይረዳዋል። Free የሚለውንም ይምረጡ፤ አለበለዚያ ዝርዝሩ ክፍያ በሚጠይቁና በማይከፈቱ ጣቢያዎች ይሞላና «ጥቁር ስክሪን ነው» የሚል ሌላ ቅሬታ ይወለዳል። ፍለጋው ሲያልቅ ቤተሰቡ የሚያያቸውን ጣቢያዎች ወደ Favorites ያስገቡና Auto Channel Update የሚለውን ያጥፉት። ይህ ነገር ቴሌቪዥኑ ተኝቶ ሳለ ዝርዝሩን እንደገና ስለሚያድስ ደክመው የደረደሩት በማግስቱ ተበትኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ጉዳቱ አዲስ ጣቢያ በራሱ አለመግባቱ ነው፤ ሲያስፈልግ ፍለጋውን ይደግሙታል።

በዚህ መካከል ቴሌቪዥኑ ሶፍትዌር ላድስ ብሎ ሊጠይቅዎ ይችላል። በስልክዎ ዳታ ካገናኙት እምቢ ይበሉ፤ ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ ጥቅልዎን ይጨርሰዋል። በዋይፋይም ቢሆን መብራት እልም ድርግም በሚልበት ሰዓት አያስጀምሩት። እድሳቱ መሐል ላይ ከተቋረጠ ቴሌቪዥኑ ከአርማው ገጽ አልፎ ሳይከፈት ሊቀር ይችላል፤ ይህን ደግሞ በሪሞት አያስተካክሉትም።

ስለዚህ የምመክርዎ ይህን ነው። እስካሁን የነካካችሁት ብዙ ስለሆነ አንድ በአንድ ከማረም ይልቅ ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሰው Factory reset ያድርጉና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። ያስገባችሁት ጣቢያ ስለሌለ የሚጠፋባችሁ ነገር የለም። በሁለተኛው ዙር English፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያ ወይም ኬንያ፣ ከዚያ Home፣ ከዚያ ዋይፋይ፣ ሰዓቱን በራስ ሰር ይተዉት። የጣቢያ ፍለጋው ገጽ ሲመጣ Skip ብለው ይለፉትና ዩቲዩብ መከፈቱን በቅድሚያ ያረጋግጡ። ጣቢያውን ከዚያ በኋላ ከሴቲንግ ገብተው በእርጋታ ይፈልጉታል፤ አማርኛው የመጨረሻው ይሁን። ሪሞቱን በዚያ ሰዓት ከልጁ እጅ ይውሰዱ።

ይህን ሁሉ አድርገው Strength እና Quality ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ወደ እኛ ከመምጣትዎ በፊት የጎረቤትዎን የሚሠራ የዲሽ ገመድ ለአንድ አፍታ ይሰኩበት። በዚያ ገመድ Quality ከተነሳ ቴሌቪዥኑ ደህና ነው፤ የሚጠሩት የዲሽ ሠራተኛ ነው። በዚያም ካልተነሳ የሳተላይት መቀበያው ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ያን ጊዜ ያምጡት፤ ካርቶኑን፣ ሪሞቱን፣ የእግሩን ብሎኖችና ደረሰኙን አይርሱ፤ በመንገድ ላይም ቴሌቪዥኑን አቁመው እንጂ አስተኝተው አይጫኑት።